የመግዣና የመሸጫ ተመን፦ ዱባይ ለሚሄድ መንገደኛ ዶላር፣ ድርሃም ወይስ ካርድ?

ባንክ ገብቶ የዕለቱን የምንዛሪ ሰሌዳ የተመለከተ ሰው ከእያንዳንዱ የውጭ ገንዘብ ትይዩ ሁለት ቁጥሮችን ያያል፤ አንዱ የመግዣ፣ ሌላው የመሸጫ ዋጋ ነው። ብዙ መንገደኛ እዚህ ላይ ይደናገራል፤ «እኔ ዶላር ልገዛ ስለመጣሁ የመግዣው ዋጋ ነው የሚመለከተኝ» ይላል። ሰሌዳው ግን የሚናገረው በባንኩ አፍ ነው። መግዣ ማለት ባንኩ ከደንበኛው ዶላር ሲገዛ የሚከፍለው፣ መሸጫ ማለት ደግሞ ባንኩ ለደንበኛው ዶላር ሲሸጥ የሚያስከፍለው ነው። የቱ የማን እንደሆነ ለጠፋበት ሰው አንድ የማይስት መለያ አለ፤ ከሁለቱ ቁጥሮች ለደንበኛው የሚደርሰው ምንጊዜም የሚጎዳው ነው።

ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በተወሰነበት ዕለት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድን ዶላር በ74 ብር ከ73 ሳንቲም ይገዛ፣ በ76 ብር ከ23 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ያን ቀን የሁሉም ሰው ዓይን ያረፈው ዶላር በአንድ ሌሊት ከ57 ብር ወደ 74 ብር መዝለሉ ላይ ስለነበር፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለችውን የ1 ብር ከ50 ሳንቲም ክፍተት ልብ ያላት ጥቂት ነው። ነገር ግን በዚያ ዕለት 100 ዶላር ገዝቶ ከደቂቃዎች በኋላ እዚያው መስኮት ላይ መልሶ ለመሸጥ የቻለ ሰው ቢኖር ኖሮ 150 ብር ከኪሱ ይጎድል ነበር። በደረሰኙ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚል መስመር አያገኝም፤ ተታልያለሁ ብሎ የሚከራከርበት ነገርም የለውም። ገንዘቡ የወጣው በዋጋው ውስጥ ነው።

ባንኩ ለምን በሁለት ዋጋ ይሠራል

ሰው ምንዛሪን የሚያስበው ባለ 200 ብር ኖትን በባለ 10 ብር እንደመዘርዘር ነው። ዝርዝር የሚሰጥ ሱቅ 200 ብር ተቀብሎ 200 ብር ይሰጣል። ባንኩ ግን የውጭ ገንዘብን በተመለከተ ዘርዛሪ ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ ዶላሩን ከአንዱ ገዝቶ፣ ካዝና ውስጥ አቆይቶ፣ ለሌላው ይሸጣል። በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ንግድ ትርፍም ወጪም ነው።

ከወጪው የተወሰነው እውነተኛ ነው። ካዝና ውስጥ የተቀመጠ የዶላር ኖት ወለድ አይወልድም። ኖቱ ሲያንስ ከውጭ በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ኢንሹራንስ ተገብቶለት፣ በጥበቃ ታጅቦ ይመጣል። ሐሰተኛ ኖት ለይቶ የሚያውቅ ሠራተኛና መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ያመለጠው ሐሰተኛ ኖት ኪሳራው የባንኩ ነው። ከዚህም በላይ ዛሬ የገዛው ገንዘብ ነገ ሳይሸጠው ዋጋው ሊወርድ ስለሚችል፣ የሚዋዥቅ ገንዘብ ላይ ክፍተቱን ሰፋ ማድረግ ራስን መጠበቂያ ይሆናል። በሂሳብ ለሚተላለፍ ገንዘብና በእጅ ለሚሰጥ ኖት አንዳንድ ባንኮች የተለያየ ተመን የሚያወጡት ኖቱ እነዚህን ሁሉ ወጪዎች ስለሚያስከትል ነው። ብዙ ሰው የማይፈልገው ገንዘብ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ላይ የጎረቤት አገር ሽልንግ፣ ከዶላር ይልቅ ክፍተቱ የሚሰፋበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የገዛውን ቶሎ የሚሸጥለት ሰው አያገኝም።

ሌላኛው ክፍል ግን ከወጪ ጋር ብዙም አይገናኝም። ክፍተቱ ደንበኛው ሌላ አማራጭ ባጣ ቁጥር ይሰፋል። በብዙ አገሮች የአውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያሉ የምንዛሪ መስኮቶች ለቦታው ከባድ ኪራይ እንደሚከፍሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያን ኪራይ ከመንገደኛው ላይ ማስመለስ የቻሉት መንገደኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሻንጣ እየጎተተ የታክሲ ገንዘብ ስለሚፈልግና ሌላ ሱቅ ጠይቄ ልምጣ ማለት ስለማይችል ነው። እዚያው ከተማ ውስጥ አምስት ምንዛሪ ቤቶች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ግን ያው ዶላር፣ ያው ኖት፣ በጥቂት ሳንቲም ልዩነት ብቻ ይገዛል፣ ይሸጣል።

እኔ ራሴ ትምህርቱን የከፈልኩበት ከዓመታት በፊት በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መስኮቱ ላይ «ኮሚሽን የለም» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተለጥፎ ነበር፤ እውነትም ኮሚሽን አልተቆረጠብኝም። 200 ዶላር ሰጥቼ የተቀበልኩትን ቆጠርኩና ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግሥቱ ከተማው ውስጥ ከአንድ ሱቅ መስታወት ላይ የተጻፈውን ተመን አይቼ በስልኬ ሳሰላው፣ ያቺ ኮሚሽን የሌላት መስኮት የሁለት ቀን ምሳዬን እንደወሰደች ገባኝ። ኮሚሽን የለም ማለት የሚከፈል ነገር የለም ማለት አይደለም፤ የሚከፈለው ተመኑ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

መለኪያው መሐሉ ነው

አንድን ተመን ጥሩ ወይም መጥፎ ለማለት ከምን ጋር እንደሚነጻጸር መታወቅ አለበት። የሚነጻጸረው ከመሐል ዋጋው፣ ማለትም መግዣውና መሸጫው ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ከሚገኘው ቁጥር ጋር ነው። ባንኩ በ150 ብር ገዝቶ በ153 ብር የሚሸጥ ከሆነ መሐሉ 151 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ከአንድ ገንዘብ ወደ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሻገር ሰው የሚያጣው የክፍተቱን ግማሽ፣ ማለትም በዶላር 1 ብር ከ50 ሳንቲም፣ ወይም ወደ 1 በመቶ ገደማ ነው። ሄዶ የሚመለስ ገንዘብ ግን ሙሉውን ክፍተት ይከፍላል። (ከዚህ በኋላ የምጠቀምባቸው የብር ተመኖች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢው በዕለቱ ሰሌዳ ይተካቸው።)

የዱባይን መንገድ ለንጽጽር የመረጥኩት ብዙ ሰው ስለሚሄድበት ብቻ አይደለም። የኤሚሬትስ ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 ታስሮ የቆየው ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ስለዚህ በዶላርና በድርሃም መካከል ያለው ትክክለኛ ዋጋ ምን እንደሆነ ለመንገደኛው ምሥጢር አይደለም፤ ነገ ይለወጣል የሚል ሥጋትም ማመካኛ ሊሆን አይችልም። 1 ዶላር ሰጥቶ ከ3.6725 ድርሃም በታች የተቀበለ ሰው፣ የጎደለችው እያንዳንዷ ፊልስ፣ ማለትም የድርሃም ሳንቲም፣ የነጋዴው ድርሻ እንደሆነች በእርግጠኝነት ያውቃል። የሳዑዲ ሪያልም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.75 ስለታሰረ በዚሁ መንገድ ይለካል። በዩሮ ወይም በፓውንድ ላይ እንዲህ ያለ ቋሚ መለኪያ ስለሌለ የዕለቱን መሐል ዋጋ መፈለግ ግድ ይሆናል።

3,500 ድርሃም ለማግኘት ስንት ብር?

መንገደኛዋ ነጋዴ ናት እንበል፤ ዱባይ ላይ ለማረፊያ፣ ለምግብና ለጥቂት ዕቃ 3,500 ድርሃም በእጇ ትፈልጋለች። ፓስፖርቷን፣ ቪዛዋንና ቲኬቷን ይዛ ባንክ ቀርባለች፤ ባንኩም ዶላሩን በ153 ብር ሊሸጥላት ፈቅዷል። ምንም ክፍተት ባይኖር ኖሮ፣ በሁለቱም በኩል በመሐል ዋጋ ብትመነዝር፣ 3,500 ድርሃም የሚያስወጣት 144,384 ብር ይሆን ነበር። ይህን ዋጋ ማንም አይሰጣትም፤ የሌሎቹን መንገዶች ድብቅ ወጪ ለመለካት ግን ያገለግላል።

የመጀመሪያው መንገድ ከአዲስ አበባ ዶላር ይዞ ሄዶ ዱባይ ከተማ ውስጥ፣ ዴይራ አካባቢ ወይም በየገበያ ማዕከሉ ባሉት ምንዛሪ ቤቶች መመንዘር ነው። ምንዛሪ ቤቱ ዶላሩን በ3.65 ቢገዛት፣ አንዱ ድርሃም በ41 ብር ከ92 ሳንቲም ገደማ ደረሳት ማለት ነው፤ 153ን ለ3.65 ማካፈል ነው። 3,500 ድርሃሙ 146,712 ብር ይወስዳል። ድብቅ ወጪው 2,328 ብር ሲሆን፣ ከዚህ አብዛኛው የተከፈለው አዲስ አበባ ላይ እንጂ ዱባይ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ያው ዶላር ተይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መመንዘር ነው። እዚያ ያለው መስኮት 3.50 ቢሰጣት፣ ከ3.65 ጋር ስታነጻጽረው የአሥራ አምስት ፊልስ ልዩነት ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ወደ ብር ሲመለስ ግን አንዱ ድርሃም 43 ብር ከ71 ሳንቲም ሆነ፤ 3,500 ድርሃም ለማግኘት ድፍን 1,000 ዶላር፣ ማለትም 153,000 ብር ትከፍላለች። ከከተማው ምንዛሪ ቤት በ6,288 ብር ይበልጣል። ተመንን በሳንቲምና በፊልስ ማሰብ የሚያታልለው እንዲህ ነው፤ ትንሿ ሳንቲም በሺህ ስትባዛ ነው መልኳን የምታሳየው።

ሦስተኛው መንገድ ባንኩ ራሱ ድርሃም ካለው አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ድርሃም መግዛት ነው። ይህ መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያሻግር ጥሩ ይመስላል፤ ጥሩ የሚሆነውም በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። የባንኩን የዶላር መሸጫ ለ3.6725 ሲያካፍሉት 41 ብር ከ66 ሳንቲም ይመጣል። ባንኩ ድርሃሙን በዚህ ዋጋ ወይም በጥቂት ሳንቲም ብልጫ ከሸጠ ተጨማሪ ክፍተት አልጫነም ማለት ነው፤ ሳይጠራጠሩ መግዛት ይገባል። በ42 ብር ከ30 ሳንቲም ከሸጠ ግን 3,500 ድርሃሙ 148,050 ብር ስለሚሆን፣ ከከተማው ምንዛሪ ቤት 1,338 ብር ይብሳል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ 4,950 ብር ይሻላል። እዚህ ላይ የእኔ ምርጫ መካከለኛ ነው፤ ለታክሲና ለመጀመሪያው ሌሊት የሚበቃ 300 ድርሃም ያህል ከባንኩ፣ የቀረውን በዶላር። በሌሊት የሚያርፍ መንገደኛ በ300 ድርሃም ላይ የሚያጣው መቶ ብር ገደማ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ 1,000 ዶላር ሙሉውን ከመመንዘር ያድነዋል።

እነዚህ ስሌቶች ሁሉ ኮሚሽን ለብቻው እንዳልተቆረጠ ያስባሉ። ለመንገደኛ ዶላር ሲሸጥ ባንኩ ከተመኑ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ የሚጨምርበት ጊዜ ስላለ፣ ሁለት ባንኮችን በሰሌዳቸው ብቻ ማነጻጸር አይበቃም። በ153 ብር ሽጦ 2 በመቶ የሚጨምር ባንክ፣ በ155 ብር ሽጦ ምንም ከማይጨምረው ይወደዳል፤ የመጀመሪያው 156 ብር ከ6 ሳንቲም ደረሰ። ስለዚህ መስኮቱ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ዶላር ስንት ገባ?» ሳይሆን «ለ1,000 ዶላር ከሂሳቤ ላይ በጠቅላላው ስንት ብር ይቀነሳል?» የሚለው ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ነው፤ የሁለት ባንኮች መልስ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሌላ ስሌት አያሻም። በጥቅሉ ግን ባንኩ በሰሌዳው ላይ ያወጣው ጥሩ ተመን የሚጠቅመው በካዝናው ውስጥ ዶላር ካለው ብቻ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ረከስ ብሎ መስኮቱ ላይ «ዛሬ የለም» የሚባልበትን ዘመን የኖርንበት ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከባንክና ፈቃድ ካላቸው ምንዛሪ ቢሮዎች ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ሕገ ወጥ ስለሆነ ከዚህ ንጽጽር ውስጥ አላስገባሁትም።

ካርዱ የት ላይ ይረክሳል፣ የት ላይ ይወደዳል

በዶላር የተሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ ኖት ከመያዝ የሚለይበት መሠረታዊ ነገር የዶላርና የድርሃሙን ልወጣ የሚሠራው ምንዛሪ ቤት ሳይሆን የካርዱ መረብ፣ ማለትም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ነው። የእነርሱ ተመን ከመሐል ዋጋው ብዙም አይርቅም። ኖት ስለማይጓዝ፣ ካዝናም ስለማያስፈልግ ክፍተቱ ይጠባል። ካርዱን ያወጣው ባንክ ምንም ካልጨመረበት 3,500 ድርሃሙ 145,813 ብር ብቻ ስለሚሆን ከሁሉም መንገዶች ይረክሳል።

ችግሩ «ምንም ካልጨመረበት» የሚለው ነው። ካርድ የሚያወጡ ባንኮች በውጭ አገር ገንዘብ በተከፈለ ቁጥር መቶኛ የመቁረጥ ልማድ አላቸው። 3 በመቶ ከተጨመረ ያው 3,500 ድርሃም 150,188 ብር ይሆናል፤ ከከተማው ምንዛሪ ቤት በ3,476 ብር ይወደዳል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን አሁንም ይሻላል። ስለዚህ ካርድን ከኖት ጋር ለማነጻጸር መታወቅ ያለበት አንድ ቁጥር ይህ መቶኛ ነው። ከግማሽ በመቶ በታች ከሆነ ካርዱ ያሸንፋል፤ ከ1 በመቶ ካለፈ ደግሞ ዴይራ ላይ ተሰልፎ መመንዘር ያዋጣል። በመሐሉ ላሉት ልዩነቱ ጥቂት መቶ ብር ስለሆነ፣ እኔ ኖት ይዞ መዞርን ስለማልወድ ካርዱን እመርጣለሁ።

ኤቲኤም ላይ ሌላ ነገር ይመጣል። ከመቶኛው በተጨማሪ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚቆረጥ ቋሚ ክፍያ ይኖራል። ክፍያው 25 ድርሃም ቢሆን፣ 200 ድርሃም ብቻ ያወጣ ሰው በአንድ ጊዜ 12 በመቶ ተኩል ከፈለ፤ 2,000 ድርሃም ያወጣው ግን 1 በመቶ ከሩብ ብቻ ነው የከፈለው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ጥንቃቄ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት የባሰ ሊሆን ይችላል።

ካርድ የያዘ መንገደኛ በጣም የሚጎዳበት ቦታ ግን ሱቅ ውስጥ፣ የክፍያ ማሽኑ ፊት ለፊት ነው። ዕቃው 500 ድርሃም ነው፤ ካርዱ ሲገባ ማሽኑ የካርዱን ገንዘብ ያውቅና ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ AED 500.00 ወይም USD 142.95። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ዶላር ይነካል፤ ሻጩም አንዳንዴ ራሱ ይነካለታል፣ «ለእርስዎ እንዲቀልዎት ነው» ይላል። 500ን ለ3.6725 ቢያካፍል ኖሮ 136 ዶላር ከ15 ሳንቲም ያገኝ ነበር። ማሽኑ 5 በመቶ ጭኗል፤ ያ 5 በመቶም ልወጣውን ለሚሠራው ድርጅትና ለሱቁ ባንክ የሚከፋፈል ነው። ምርጫው ምንጊዜም የአገሩ ገንዘብ፣ እዚህ ላይ AED፣ መሆን አለበት። ኤቲኤምም ይህንኑ ይጠይቃል፤ የቀረበውን ልወጣ አልቀበልም ብሎ መቀጠል ይቻላል፣ ገንዘቡም ይወጣል። አልቀበልም ካልኩ ግብይቱ ይሰረዛል የሚል ፍርሃት ብዙ ሰው ላይ አይቻለሁ፤ አይሰረዝም። የሚታወቀውም በደረሰኙ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ከድርሃሙ ሌላ የዶላር ድምርና የልወጣ ተመን ከታተመ፣ ወረቀቱ ሳይፈረም ወይም ሱቁ ሳይለቀቅ ግብይቱ ተሰርዞ በድርሃም እንዲደገም መጠየቅ ይገባል።

የተረፈው ገንዘብ

መንገደኛው ስለ ክፍተት የሚያስበው ሲወጣ ነው፤ ሲመለስ ግን ደክሞት ይረሳዋል። ከላይ ያለችው ነጋዴ 300 ዶላር ሳትነካ ብትመለስ፣ በ153 የገዛችውን በ150 ስለምትሸጠው 900 ብር ታጣለች። ይህ የሚቋቋሙት ነው። 400 ድርሃም ተርፏት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ወደ ዶላር ብትመልሰው፣ መስኮቱ ዶላሩን በ3.85 ቢሸጥላት 103 ዶላር ከ90 ሳንቲም ታገኛለች፤ ከተማ ውስጥ በ3.69 ብትገዛ ግን 108 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር። ያው መስኮት ሲገዛ 3.50፣ ሲሸጥ 3.85 ማለቱ ክፍተቱ 10 በመቶ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ካየነው የ2 በመቶ ክፍተት አምስት እጥፍ። ስለዚህ የተረፈን ድርሃም በመጨረሻው ቀን ከሆቴል ሳይወጡ ለሆቴሉ ሂሳብ መክፈልና የጎደለውን በካርድ መሙላት፣ ከመመንዘር ሁሉ የረከሰ መንገድ ነው። ሌላ ጉዞ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ድርሃሙን አስቀምጦ ቢያቆየው ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ብዙ አይጎዳውም።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለሚመጣ ሰው ጥያቄው ይገለበጣል። እርሱ የውጭ ገንዘብ ሻጭ ስለሆነ ከሰሌዳው የሚመለከተው መግዣው ብቻ ነው፤ መሸጫው የቱንም ያህል ቢሰቀል አያገባውም። ባንኮች ተመናቸውን በየራሳቸው ማውጣት ከጀመሩ ወዲህ መግዣቸው ስለሚለያይ፣ የሦስትና የአራት ባንኮችን ሰሌዳ በስልክ ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። «አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አትመንዝር» የሚለው የሌላ አገር ምክር ደግሞ ቦሌ ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ እዚያ ያሉት መስኮቶች በአብዛኛው የባንክ ቅርንጫፎች ናቸው፣ ባንኩም የዕለቱን ተመን የሚያወጣው ለሁሉም ቅርንጫፎቹ ነው። እዚያ ማነጻጸር የሚገባው ባንክን ከባንክ ጋር እንጂ ቦሌን ከፒያሳ ጋር አይደለም። ዩሮ የያዘ ሰው «ዶላር ይሻላል» ብሎ ቀድሞ ወደ ዶላር መቀየር የለበትም፤ አዲስ አበባ ላይ ዩሮ በቀጥታ ስለሚገዛ ተጨማሪ ክፍተት መክፈል ይሆንበታል። የመነዘረበትን ደረሰኝ ደግሞ ማስቀመጥ አለበት፤ ሲወጣ የተረፈውን ብር መልሶ ወደ ዶላር ለመቀየር ባንኩ ይጠይቀዋል፣ ብር ይዞ መውጣትም በመመሪያ የተገደበ ነው።

ከሳዑዲ የምትመለስ ሠራተኛ ግን ሁለት መንገድ አላት፤ ሪያሉን እንዳለ ይዛ መጥታ አዲስ አበባ ላይ መሸጥ፣ ወይም ጅዳ ላይ ዶላር ገዝታ መምጣት። ባንኩ ዶላርን በ150 ብር የሚገዛ ከሆነ 150ን ለ3.75 ስናካፍል አንዱ ሪያል 40 ብር መሆን አለበት። ሰሌዳው ላይ ሪያል በ39 ብር ከ20 ሳንቲም ከተጻፈ ባንኩ ሪያል ስለሆነ ብቻ 2 በመቶ ቀንሷል። ጅዳ ላይ ዶላሩን በ3.77 ሪያል ብትገዛ፣ 150ን ለ3.77 ስናካፍል 39 ብር ከ79 ሳንቲም ይመጣል። በ10,000 ሪያል ላይ ልዩነቱ ወደ 5,900 ብር ስለሚጠጋ ዶላሩ ይሻላታል። ሰሌዳው ላይ ሪያል 39 ብር ከ90 ከሆነ ግን ጅዳ ላይ መሰለፉ ትርፍ የለውም፤ ሪያሏን ይዛ ትምጣ። ይህን ከመነሳቷ በፊት ለማወቅ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሁለቱን የመግዣ ዋጋ፣ የዶላሩንና የሪያሉን፣ በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላት ማድረግ ይበቃል። ዶላር ስትገዛም ባለ 100 ኖት፣ አዲስና ያልተቀደደ እንዲሰጧት ትጠይቅ፤ ያረጀ ወይም የተጻፈበት ኖት መስኮቱ ላይ ሲመለስባት ያን ሁሉ ስሌት ያበላሽባታል።